ቅቤ ፈጂና ዱቄት ፈጂ

ዛሬ ስለ ክትባትም ስለ ደም ግፊትም አላወራም። የማወራችሁ ሐምሌ ላይ ቤታችንን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስላከራከረው፣ ብራውኒ ስለሚባለው ጣፋጭ ነው። ነገሩ የወጥ ቤት ጨዋታ ቢመስልም መሐሉ ላይ የባለቤቴ የስኳር ሕመም አለበት፤ እኔም በሙያዬ ያፈርኩበት አንድ ስሕተት አለበት።

ልጄ የአሥራ አንድ ዓመት ልጇን ይዛ ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ መጥታ ነበር። ልጅቷ አያቷን በደንብ የምታውቀው በስልክ ነው። በመጣች በሦስተኛው ቀን ጠጋ ብላ «እማማ፣ ለአባባ ብራውኒ ልሥራለት?» አለችኝ። እምቢ የሚል አንጀት ከየት ይመጣል? ካካዎውን፣ ቅቤውንና እንቁላሉን አስመጣሁና ወጥ ቤቱን ለቀቅኩላት።

ብራውኒን ለማታውቁት፣ ካካዎ ወይም ቸኮሌት ገብቶበት በአራት ማዕዘን ትሪ ተጋግሮ በካሬ በካሬ የሚቆረጥ የአሜሪካኖች ጣፋጭ ነው። ስሙን ያገኘው ከቡናማ መልኩ ነው። ፋኒ ፋርመር የምትባል የቦስተን የምግብ ሙያ አስተማሪ እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ ብራውኒ የሚል ስም ቢኖርም ቸኮሌት አልነበረበትም፤ ቸኮሌት የገባበት በ1906 እትሟ ላይ ነው የታየው። ከዚያ ወዲህ አሜሪካኖች ሁለት ጎራ ለይተዋል። አንዱ ጎራ ጥርስ ላይ ያዝ የሚያደርገውን፣ እርጥቡንና እምቅ ያለውን ይወዳል። ሌላው እንደ ኬክ የተነፋውንና የሚፈረፈረውን ይመርጣል።

የልጅ ልጄ የመጀመሪያው ጎራ አባል ናት። ከኦቨን ያወጣችው ብራውኒ ከላይ ስስ ቆዳ ያለው፣ የሚያብረቀርቅና የተሰነጣጠቀ፣ ውስጡ ግን ጥቁርና እርጥብ ነበር። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ጎረሰና አፉ ውስጥ አገላብጦ «የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ አልበሰለም» አለ። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በስሏል አባባ! ፈጂ ስለሆነ ነው!»

«ፈጂ? ምን ፈጂ? ቅቤ ፈጂ ነው እንጂ!»

ቅቤው እንዳለ ድስት ውስጥ ሲገባ አይቶ ነበር። እኔና ልጄ በሳቅ ፈረስን፤ ሕፃኗ ግን እናቷ እስክታስረዳት ድረስ ምን እንዳሳቀን አልገባትም። እርጥቡን ብራውኒ እዚያ «ፈጂ» ይሉታል፤ ኬክ የሚመስለውን ደግሞ «ኬኪ»። ባለቤቴ ሳያውቀው እውነቱን ተናግሮ ነበርና በቤታችን አንዱ «ቅቤ ፈጂ»፣ ሌላው «ዱቄት ፈጂ» ሆነው ቀሩ። ከዚህ በኋላ እኔም እንደዚያው እጠራቸዋለሁ።

አሁን ወደ እኔ ስሕተት ልምጣ። ሕፃኗ የጻፈችበትን ወረቀት ሳነብ ሩብ ኪሎ ስኳር ይላል። ሩብ ኪሎ! ከሠላሳ ዓመት በላይ በሽተኛ ሳስታምም «ስኳር ቀንሱ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቤቴ ውስጥም ከሰባት ዓመት ወዲህ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ባል አለኝ። በማግስቱ ሁሉም ሲተኛ ወጥ ቤት ገባሁና ራሴ አስተካክዬ ልሠራው ተነሳሁ። ስኳሩን በግማሽ ቀንሼ 125 ግራም አደረግሁት። ቅቤውንም ቀነስኩ። ሊጡ ቀጠን ሲልብኝ ዱቄቱን ወደ 120 ግራም አሳደግሁ። እንቁላሉን ደግሞ ለስፖንጅ ኬክ እንደለመድኩት አረፋ እስኪያወጣ መታሁት። ያን ዕለት ራሴን አደነቅሁ።

የወጣው ነገር መሐሉ ጉብ ብሎ የተሰነጠቀ፣ ሲቆረጥ የሚበተን፣ ያለ ሻይ የማይዋጥ ደረቅ ነገር ነበር። ሕፃኗ በጨዋነት «ጥሩ ነው እማማ፤ ግን ዳቦ ነው» አለችኝ። ዘጠኝ ቦታ ቆርጬው ነበር። ባለቤቴ «ስኳሩን ቀንሰሽዋል አይደል?» ብሎ ሁለት ትልልቅ ቁራጭ በላ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ደሙን ስለካው 240 አሳየኝ። ማሽኑ የተሳሳተ መስሎኝ ደግሜ ለካሁት። አልተሳሳተም።

በዚያ ምሽት ልጄና እኔ ቁጭ ብለን ወረቀቱን መስመር በመስመር አየነው። የተረዳሁት ነገር ይህ ነው፦ ብራውኒ ውስጥ ስኳር ለማጣፈጥ ብቻ የገባ አይደለም። ሥራ አለው። ሥራውን ሳያውቁ ሲያጎድሉት ሌሎቹ ይገኑና ሌላ ምግብ ይሆናል።

ከዱቄቱ እንጀምር። የስንዴ ዱቄት ውኃ ሲያገኝ ፕሮቲኑ እርስ በርሱ ተያይዞ ግሉተን የሚባለውን መረብ ይሠራል፤ ስታርቹ ደግሞ ሲሞቅ ውኃውን መጥጦ ያብጣል። ዳቦን ዳቦ የሚያደርገው ይኸው ነው። በብራውኒ ውስጥ ዱቄት በበዛ ቁጥር ውኃው በእሱ ተይዞ ያልቃል፤ ውስጡም ደርቆ የሚፈረፈር ይሆናል። ስለዚህ ቅቤ ፈጂው ዱቄት የሚገባበት ቅርጹን እንዲይዝ ያህል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ በብዙ ቤት የሚበላሸውን ልንገራችሁ። የውጭ አገር አሠራሮች ዱቄትን በኩባያ ይሰፍራሉ። አንዱን ኩባያ ዱቄት በማንኪያ ረጋ አድርጋችሁ ብትሞሉት 120 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ነክራችሁ ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ብታወጡት 150 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ጠቅላላ ዱቄቱ 65 ግራም ለሆነ ብራውኒ ይህ ከባድ ልዩነት ነው። «እንደተጻፈው ሠርቼ ደረቀብኝ» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ችግራቸው ይኸው ነው። እኔ መድኃኒት በዓይን ግምት ሰጥቼ አላውቅም፤ ለምን ዱቄትን በግምት እንደምሰፍር እንጃ። ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ይኑራችሁ።

ስኳሩ ደግሞ ውኃ ወዳጅ ነው። ውኃውን ከዱቄቱ ጋር ይሻማና ራሱ ይዞት ይቆያል፤ በዚህም ስታርቹ እንደልቡ እንዳያብጥ፣ ግሉተኑም እንዳይጠነክር ያደርጋል። ከዚህም ሌላ እንቁላሉ የሚረጋበትን የሙቀት መጠን ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ውስጡ ቶሎ ግትር አይልም። ብራውኒው በማግስቱም ሳይደርቅ የሚያድረው ስኳሩ እርጥበቱን ስለያዘው ነው። ያ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቀው ስስ ቆዳም የስኳር ሥራ ነው፤ ስኳሩ በእንቁላሉ ውስጥ በደንብ ሲሟሟ ላይ ላዩ ቶሎ ደርቆ እንደ ስስ ወረቀት ይሆናል። እኔ ስኳሩን በግማሽ ስቀንስ ውኃውን ሁሉ ለዱቄቱ አሳልፌ ሰጠሁት ማለት ነው።

ቅቤው የዱቄቱን ቅንጣት ቀብቶ ፕሮቲኑ ውኃ እንዳያገኝ ይከላከላል። ለዚህ ነው ቅቤ በበዛበት ሊጥ ውስጥ ግሉተን የሚዳከመው። ቅቤ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ስለሚጠነክር፣ ቅቤ ፈጂው ብራውኒ ከኦቨን ሲወጣ ልል ቢመስልም ሲያድር እምቅ ይላል። የምላችሁ የገበታ ቅቤ ነው። አንድ ጎረቤቴ ስለነገርኳት ለመሞከር ቸኩላ የተነጠረ የወጥ ቅቤዋን አደረገችበት፤ ኮረሪማና ኮሰረት የሚሸት ብራውኒ በላን። መጥፎ ነው አልልም፤ ግን ብራውኒ አልነበረም። ዘይት የምትጠቀሙ ከሆነ ቅቤ ውስጥ ውኃም ስላለ፣ በ140 ግራም ቅቤ ፈንታ 115 ግራም ገደማ ዘይት ይበቃል። ዘይት ግን ሲቀዘቅዝ ስለማይረጋ ብራውኒው ለስላሳ እንጂ እምቅ አይሆንም።

እንቁላል ሁለት ፊት ያለው ነገር ነው። አስኳሉ ቅባት አለው፤ ቅቤውንና ውኃውንም አስማምቶ ይይዛል። ነጩ አብዛኛው ውኃ ቢሆንም ፕሮቲኑ ሲሞቅ ይጠነክራል። እንቁላል ሲጨመር ብራውኒው የበለጠ ይነፋል፤ በመምቻ አየር ካስገባችሁበት ደግሞ ቀጥታ ወደ ኬክ ይሄዳል። የእኔ የአረፋ ሥራ ያመጣው ጉብታ ይህ ነው። ለቅቤ ፈጂው እንቁላሉን በእንጨት ማማሰያ ማዋሃድ ይበቃል። ሌላም ነገር አለ፤ የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ከፈረንጁ ያነሰ ነው። የልጅ ልጄ ወረቀት ሁለት እንቁላል ሲል ያለ ቅርፊቱ 100 ግራም ማለቱ ነበር፤ ያን ዕለት ከሱቅ ያመጣነው የሀበሻ እንቁላል ሦስቱ ነው 100 የሞላው።

ይህን ሁሉ ካወራን በኋላ በሦስተኛው ቀን ሁለት ትሪ ጎን ለጎን ሠራን። ሁለቱም ትሪዎች ጎናቸው 20 ሴንቲ ሜትር ነው።

ለቅቤ ፈጂው 140 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 250 ግራም ስኳር፣ 75 ግራም ጣፋጭ ያልገባበት ካካዎ፣ 65 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 100 ግራም እንቁላልና ቁንጥር ጨው መዘንን። ቤኪንግ ፓውደር የለበትም። ቅቤውን፣ ስኳሩን፣ ካካዎውንና ጨውን በጎድጓዳ ሳህን አድርገን ውኃ በሚፈላበት ድስት አፍ ላይ አስቀመጥነው፤ ጣት የሚያቃጥል ያህል እስኪሞቅ አማሰልነው። መጀመሪያ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ አትደንግጡ። አውርደን ለብ እስኪል ከጠበቅን በኋላ እንቁላሉን አንድ በአንድ ጨመርን። ቸኩላችሁ ትኩሱ ላይ ብታፈሱት የእንቁላል ፍርፍር ይወጣዋል። ሊጡ ወፍሮ ማብረቅረቅ ሲጀምር ዱቄቱን ጨምረን በእንጨት ማማሰያ ነጩ እስኪጠፋ አዋሃድነው። ዱቄቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ እዚህ ላይ ማማሰሉ አያጠነክረውም። ወረቀት ባነጠፍንበት ትሪ ገልብጠን በ165 ዲግሪ ለ28 ደቂቃ ጋገርነው።

ለዱቄት ፈጂው 110 ግራም ቅቤ፣ 200 ግራም ስኳር፣ 50 ግራም ካካዎ፣ 130 ግራም ዱቄት፣ 150 ግራም እንቁላል፣ 60 ሚሊ ሊትር ወተትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ነበር። ለስለስ ያለውን ቅቤ ከስኳሩ ጋር እስኪነጣ መታነው፤ እንቁላሉን፣ ከዚያ ደረቁንና ወተቱን እያፈራረቅን ጨመርን። በ175 ዲግሪ ለ27 ደቂቃ።

ሁለቱን ስታስተያዩ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በቅቤ ፈጂው ውስጥ ስኳሩ የዱቄቱን አራት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረው፤ ቅቤውም ከዱቄቱ ሁለት እጥፍ ይበልጣል። በዱቄት ፈጂው ስኳሩ የዱቄቱ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው፤ ቅቤው ደግሞ ከዱቄቱ ያንሳል። ካካዎውም ውኃ የሚመጥጥ ደረቅ ነገር መሆኑን አትርሱ፤ ካካዎ ስትጨምሩ ዱቄት መቀነስ አለባችሁ።

የዱቄት ፈጂውን ቤኪንግ ፓውደር በተመለከተ የልጄ ወረቀት አንድ የሻይ ማንኪያ ነበር የሚለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ውኃ እንኳ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ የበለጠ ይሰፋል፤ ኬኩ ተቻኩሎ ይነፋና ሳይረጋ መሐሉ ይሰምጣል። ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በመጣ አሠራር የሚጋገር ኬክ እዚህ መሐሉ የሚሰረጉደው በአብዛኛው ለዚህ ነው። በግማሽ ቀነስነውና ቀጥ ብሎ ወጣ። ቅቤ ፈጂው ቤኪንግ ፓውደር ስለሌለበት ከፍታው ያን ያህል አያውከውም።

ባለቤቴ ለዱቄት ፈጂው ፈረደ፤ ሲያድግ የለመደው ኬክ ስለሆነ አልፈርድበትም። «ያኛው ግን አሁንም አልበሰለም» አለ። ይህ የእሱ ብቻ ጥያቄ አይደለም፤ ወላጆችም ሊጠይቁት የሚገባ ነው። ምክንያቱም አንዳንድ ሰው ብራውኒን ቅቤ ፈጂ ለማድረግ ቀድሞ ማውጣት የሚበቃ ይመስለዋል። አይደለም። ኬክ የሚሆን ሊጥ ቀድማችሁ ብታወጡት ጥሬ ኬክ ነው የሚሆነው። ቅቤ ፈጂነት የሚመጣው ከመጠኑ ነው። በስሎም እርጥብ ነው።

ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ የሚባል ጀርም ሊኖርበት ይችላል። ዱቄትም ሲፈጭ በሙቀት ያልታከመ ጥሬ እህል ነውና ጀርም ሊይዝ ይችላል። ትልቁን ሰው ለሦስት ቀን ሆዱን የሚቆርጠው ነገር ትንሽ ልጅንና አዛውንትን ሆስፒታል ሊያስተኛ ይችላል። ስለዚህ ልጆች የሊጡን ሳህን እንዳይልሱ። አውቃለሁ፣ ሁላችንም ልሰን ነው ያደግነው፤ እኔ ግን በልጆች ክፍል ሠርቻለሁ።

መብሰሉን ለማወቅ ከትሪው ጠርዝና ከመሐሉ አማካይ ቦታ ላይ ስንጥር ስደዱበት። ለዱቄት ፈጂው ስንጥሩ ንጹሕ ሆኖ መውጣት አለበት። ለቅቤ ፈጂው ግን ንጹሕ ከወጣ አልፎበታል፤ እርጥብ ፍርፋሪ ይዞ ሲወጣ ደርሷል። የሚፈስ፣ የሚያብረቀርቅ ሊጥ ይዞ ከወጣ ጥሬ ነው፤ ሦስት ሦስት ደቂቃ እየጨመራችሁ እዩት። ከወጣም በኋላ ትሪው ትኩስ ስለሆነ መብሰሉን ጥቂት ይቀጥላል። እኔ ባለቤቴን ለማሳመን የምግብ ቴርሞሜትር መሐሉ ላይ ሰካሁበት፤ 84 ዲግሪ አለ። እንቁላል ያለበት ምግብ 71 ዲግሪ ከደረሰ በቂ ነው። እባካችሁ የብብቱን ቴርሞሜትር እንዳትሞክሩት፤ እሱ 42 ላይ ያበቃል፤ የሜርኩሪው ከሆነ ደግሞ ፈንድቶ ብራውኒውንም ቤቱንም ይበክልባችኋል።

ባለቤቴ ቁጥሩን በመነጽሩ አይቶ ዝም አለ።

የቀረው የስኳሩ ጉዳይ ነው። ቁጥሩን ስሠራው ራሴ ደነገጥኩ። ያ እኔ «ያሻሻልኩት» ትሪ 125 ግራም ስኳርና 120 ግራም ዱቄት ነበረው። ከዱቄት ክብደት ሦስት አራተኛ ገደማ ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ ስኳር የሚሆን ስታርች ነው፤ ይኸውም 90 ግራም። ስኳሩ ሲደመር 215 ይሆናል። ዘጠኝ ቦታ ስለቆረጥኩት አንዱ ቁራጭ 24 ግራም ይደርሰዋል። ባለቤቴ ሁለት በላ፤ 48 ግራም። ለስኳር ሕመምተኛ ከሻይ ጋር የሚወሰድ ነገር አይደለም።

ቅቤ ፈጂው 250 ግራም ስኳር አለው፤ ዱቄቱ 65 ብቻ ስለሆነ ከእሱ የሚመጣው 49 ገደማ ነው። ድምሩ 300 ይጠጋል። የካካዎውን ትንሽ ድርሻ ልተወው፤ በሁለቱም አለ። ታዲያ ቅቤ ፈጂው ከባድ ስለሆነ ሰው ትልቅ ቁራጭ አይፈልግም፤ በአምስት በአምስት ሃያ አምስት ቦታ ይቆረጣል። ለአንዱ 12 ግራም። ቅቤውም ለአንዱ ቁራጭ ስድስት ግራም አይሞላም። ሩብ ኪሎ ስኳር የገባበት ትንሹ ቁራጭ፣ ስኳሩ በግማሽ ከተቀነሰለት ትልቅ ቁራጭ እኩሌታ ነው የሚያመጣው።

ይህን የምላችሁ ብራውኒ ለስኳር ሕመም ይስማማል ለማለት አይደለም። አንድ ቁራጭ ከምግብ በኋላ እንጂ በባዶ ሆድ አይደለም፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከሐኪሙ ጋር የተማከረበትን መጠን ይዞ ይሂድ። ሁለተኛ ቁራጭ ከተነሣ ሒሳቤ ሁሉ ይፈርሳል። በማግስቱ ከምሳ በኋላ ለባለቤቴ አንዱን ሰጥቼ፣ እንጀራውን በዚያው ልክ ቀንሼለት ለካሁት፤ ቁጥሩ ከወትሮው አልራቀም።

ስኳሩ ጭራሽ አይቀነስም ወይ ላላችሁ፣ በሌላ ቀን 200 ግራም አድርገን ሞክረነዋል። የላዩ ቆዳ ደብዘዝ አለ፤ ውስጡም ጥቂት ጠንከር ብሏል፤ ግን ቅቤ ፈጂነቱን አልለቀቀም። እኔ ከዚህ በታች አልወርድም። ስኳርን ከሚተኩት ዱቄቶች ብዙዎቹ ደግሞ ምላስን ያታልላሉ እንጂ በብዛታቸውም ሆነ ውኃ በመያዝ የስኳሩን ቦታ አይሞሉም፤ በእነሱ የተጋገረው ያው የእኔን ዳቦ ይመስላል።

ቅቤ ፈጂውን ለመቁረጥ አትቸኩሉ። ትኩሱን ብትቆርጡት ቢላው ላይ ይለጠፋል፤ «አልበሰለም» የሚለው ክርክርም ይነሣል። ከቀዘቀዘ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት ቢላውን ፍል ውኃ ውስጥ እየነከራችሁና እየጠረጋችሁ ቁረጡት። ካሬው ጥርት ብሎ ይወጣል። ዱቄት ፈጂው ግን ተቃራኒ ነው፤ በዋለበት ቀን ነው የሚጥመው፤ በሦስተኛው ቀን ለሻይ ማራሻ ካልሆነ አይበላም።

ልጅቷ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት አንድ ትሪ ቅቤ ፈጂ ሠርታ፣ ሃያ አምስት ቦታ ቆርጣ፣ አንድ አንዱን በወረቀት ጠቅልላ በረዶ ቤት ውስጥ አስቀመጠችልን። ክዳኑ ላይ በራሷ የአማርኛ ጽሑፍ «ለአባባ፤ በቀን 1» ብላ ለጥፋለች። አንዱ ለመሟሟት ግማሽ ሰዓት ስለሚፈጅበት «ሳላስበው በላሁት» የሚባል ነገር አይኖርም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ባለቤቴም አሁን አልበሰለም ማለቱን ትቷል።

ትናንት ማታ ቆጠርኳቸው። አሥራ አንድ መሆን ነበረባቸው፤ ዘጠኝ ናቸው።